ሐሙስ ከሦስት እስከ ስድስት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አባቴ ስልኩን ሰጠኝና «ሞልቷል ይላል፤ እስቲ ቆሻሻውን አጥፊልኝ» አለኝ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሸዋ ሮቢት ቤተሰቦቼ ቤት ሥራ የምጠብቅበት ዓመት ነበር። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ዋናው ሥራዬ የሌሎችን ስልክ ማስተካከል ነበር። የእናቴን የደወል ድምፅ፣ የአክስቴን ፎቶዎች፣ አሁን ደግሞ የአባቴን መልእክቶች። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ማንንም ማናገር አያስፈልገውም። ስልክ መነካካት ያስደስተኛል፤ በስልክ ማውራት ግን ያስፈራኛል። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም አየዋለሁ፤ ከዚያ «ማን ነበሩ?» ብዬ እጽፋለሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጺሙን ይላጫል። ለሦስተኛ ሳምንት ፊቱ እንደተቋጠረ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ወንዙ አጠገብ ሽንኩርት አለን። ጉድጓዱ ላይ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ተክለናል፤ ከአንድ ኩባንያ ከነዋስትናው የተገዛ። ፓምፑ ቆመ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል እንጂ ውሃ የለም። የሽንኩርቱ ሥር ማበጥ የጀመረበት ጊዜ ነበር፤ በዚህ ቆላ በየካቲት ፀሐይ ሳምንት ውሃ ያላገኘ ሽንኩርት ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ እየሆነ ይተኛል። የእኛ መተኛት ጀምሯል።

ኩባንያው ሁለት ጊዜ ባለሙያ እልካለሁ ብሎ ነበር፤ ሁለት ሐሙስ። ሁለቱንም ሐሙስ አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ማንም አልመጣም። «ውሸታሞች» ይላል። «ሲሸጡ ነው የሚያውቁሽ።»

ስልኩን ከፈትኩት። ሦስት መቶ የሚሆን ያልተነበበ መልእክት። የዕጣ፣ የጥቅል፣ የዘፈን፣ የበዓል መልካም ምኞት። አንድ በአንድ ሳጠፋ ቆይቼ እጄ ቆመ።

«ውድ ደንበኛችን፣ የጥገና ባለሙያችን ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ለማረጋገጥ 1 ብለው ይመልሱ። እስከ ረቡዕ ማታ ካልተረጋገጠ ጉዞው ይሰረዛል።»

የተላከው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ወደ ላይ ወጣሁ። ሌላም አለ፤ የባለፈው ሐሙስ። እሱ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ካልተረጋገጠ ወይም ባለቤቱ ካልተገኘ ጥያቄው ይዘጋል፣ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል ይላል።

«አባዬ» አልኩ። «እነዚህን አይተሃቸዋል?»

«የምን?»

«የፓምፑን ሰዎች መልእክት።»

«መልእክት የሚልክ ሎተሪ ነው። የሚፈልገኝ ሰው ይደውልልኛል።»

አነበብኩለት። ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው።

«ታዲያ ባልመልስም ይደውሉ ነበራ!»

ደውለው ይሆናል። ያመለጡ ጥሪዎችን ስከፍት ሁለት ሐሙስ የተደወለ ነገር አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ማሳው ወንዙ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የሚባል አይደርስበትም። እኛ አገር ግን ለማንኛውም ነገር የሚመዘገበው የአባት ቁጥር ነው። ለቆጣሪው፣ ለማዳበሪያው፣ ለእኔ የትምህርት ቤት ፎርም እንኳ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ስልክ በማይሠራበት ቦታ የሚውል ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌላ ቁጥር መስጠት ግን ነውር ይመስለናል፤ አባወራውን ማሳነስ ይመስላል። እናም ሽንኩርታችን በዚህ አክብሮት ሊደርቅ ነበር።

በዚህ መሃል የማሳ ጎረቤታችን መጡ። አባቴን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት፣ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ሞተር ያላቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከሞተራቸው አንድ ተራ ሰጥተውናል፤ ናፍጣ ስለጠፋ ሁለተኛ መስጠት አልቻሉም።

«ምነው ግማሽህን ላጭተህ ትተኸዋል? ግማሹን ለሐሙስ ነው?» አሉት።

አባቴ ነገሩን ነገራቸው። ጎረቤታችን ከትከት ብለው ሳቁ።

«እኔ ብዬህ ነበር። የእኔ ሞተር ይጮሃል እንጂ መልእክት አይልክም።»

«አንተ ደግሞ!»

«በል ደውልላቸዋ።»

«ደውዬ ነበር ሁለቴም። ‹እንልካለን› ነው የሚሉት።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደውዪ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ክፍሌ ገብቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ስም፣ የጥያቄው ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ማሳው የት እንደሆነ፣ ማን ስልክ እንደሚያነሳ። ከሥር ደግሞ «ሰላም፣ እንደምን አደሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም እንዳይጠፋኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት።

ያነሳችው ሴት ነች። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ግን ወረቀቱን አነበብኩ።

«አዎ፣ ይታየኛል» አለችኝ። «ሁለት ጉዞ ተሰርዟል፤ ማረጋገጫ አልመጣም። አርብ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ልይዝላችሁ?»

ጎረቤታችን አፋቸውን ያዙ። አባቴ እጁን አወዛወዘ።

«አርብ በዚያ ሰዓት ጁምዓ ነው» አልኩ። «ቤት ሰው አይኖርም። ደግሞ በዚያ ሰዓት እዚህ ሙቀቱ አያሠራም። ሐሙስ ጠዋት ቢሆንልን ፀሐይዋም ለመሞከር ጥሩ ናት።»

«እሺ፣ ሐሙስ ከሦስት እስከ ስድስት። ባለሙያው ከደብረ ብርሃን ነው የሚወርደው፤ ሸዋ ሮቢትን ጨርሶ ጀውሃና አጣዬ ያልፋል። ከመድረሱ በፊት ይደውላል። ማረጋገጫው ወደ ተመዘገበው ቁጥር ይላካል።»

«እሱን ልነግርዎት ነበር» አልኩ። «የተመዘገበው ስልክ ማሳ ላይ አይሠራም። ማረጋገጫውም ጥሪውም ወደ እኔ ቁጥር ይሁን።»

«ውሉ በእርስዎ ስም ነው?»

«በአባቴ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ራሳቸው በድምፃቸው መንገር አለባቸው።»

ሁላችንም አባቴን አየነው። አረፋው ጉንጩ ላይ ደርቋል። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

«የማያውቃት ሰው ለልጄ ይደውልላት ልበል?» አለ ቀስ ብሎ።

«የፓምፕ ሠሪ ነው፣ ሽማግሌ አልላከብህም!» አሉት ጎረቤታችን።

«የአንተን ቁጥር እንስጥ።»

«እኔም የምውለው ከአንተ ጎን ነው፣ ሰውዬ! እኔ ጋ ለብቻዬ ኔትወርክ ይመጣል?»

አባቴ ፊቱን አዞረ። ዓይኑ በረንዳው ጥግ ከማሳው ነቅሎ ያመጣው አንድ ሽንኩርት ላይ ነበር፤ አንገቱ ተጣጥፏል። ይዤ የነበረውን ስልክ ወሰደ፤ ጎንበስ ብሎ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚጮህ ጮኸ፤

«አዎ! እኔ ነኝ ባለቤቱ! ለልጄ ደውሉ! ቁጥሯን ትነግራችኋለች! እሷ ያለችው እኔ ያልኩት ነው!»

ሴትዮዋ ስትስቅ ተሰማኝ፤ በክፋት አይደለም። ቁጥሬን ነገርኳት፤ መልሳ አነበበችልኝ፤ አንዷን አኃዝ ተሳስታ ነበርና አረምኳት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የእኔ ስልክ ጮኸ። ቀኑ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የባለሙያው ስልክ ቁጥር፣ ለማረጋገጥ 1። አንድን ጫንኩ። «ጉዞዎ ተረጋግጧል» የሚል መጣ። መልእክቱን ለአባቴ አሳየሁት፤ አላነበበውም፤ ግን ራሱን ነቀነቀና ግማሽ ፊቱን ሊላጭ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት አባቴና ጎረቤታችን ማሳ ወረዱ። እኔ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ዋናው አስፋልት አጠገብ ባለው ቤታችን ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። እናቴ ሻይ አመጣችልኝ፤ ቀዘቀዘ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስልኬ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ እናቴን ከጓዳ ደውይልኝ አልኳት፤ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ለሙከራ ነው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስድስት ሲሞላ ያልመጣ ባለሙያ ለሦስተኛ ጊዜ ያልመጣ ነው፤ ጥያቄው ይዘጋል፤ እንደ አዲስ ተመዝግበን ተራ እስኪደርሰን ሽንኩርቱ አይጠብቅም። የባለሙያው ቁጥር መልእክቱ ውስጥ አለ። መደወል እችላለሁ። ለማላውቀው ወንድ፣ ወረቀት ሳልጽፍ፣ «የት አሉ?» ብዬ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ስልኩን አየሁት። ከዚያ አባቴ ጎረቤታችን እየሰሙት «ለልጄ ደውሉ» ብሎ የጮኸው ትዝ አለኝ። ደወልኩ።

«ሃሎ!» አለ። ከኋላው የከባድ መኪና ሞተርና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ሰላም፣ እንደምን ዋሉ። ከሸዋ ሮቢት ነው። ለፓምፑ ጥገና እየጠበቅኩዎት ነበር።»

«የትኛው ፓምፕ? የሸዋ ሮቢቱ? እህቴ፣ እኔ ጀውሃ ገብቻለሁ። ደውዬ ደውዬ አይሠራም አለኝ። አለፍኩት።»

«የትኛው ቁጥር ላይ ነው የደወሉት?»

ቁጥሩን አነበበልኝ። የአባቴ ነው።

«ማክሰኞ ተቀይሯል» አልኩት።

«የደንበኞቹን ዝርዝር ከነስልካቸው የሰጡኝ ሰኞ ነው፤ የእናንተን ቀን በኋላ በቃል ነው የነገሩኝ። ወረቀቴ ላይ ያለው ይሄ ነው። በቃ ባለቤቱ ስላልተገኙ ብዬ እጽፋለሁ፣ ለሌላ ጊዜ…»

«አይጻፉ።»

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን አሁንም አላምንም። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ባለቤቱ አሉ፤ ማሳ ላይ ሆነው እየጠበቁዎት ነው። ማረጋገጫው እጄ ላይ ነው። ላንብብልዎት» አልኩና አነበብኩለት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ራሱን የእሱን ቁጥር። «ከሦስት እስከ ስድስት ነው የሚለው። አሁን አምስት ሰዓት ከአርባ ነው። ጊዜው አላለቀም።»

ከኋላው ሰው «ጥብሱ መጥቷል፣ ግባ እንጂ!» ሲለው ሰማሁ።

«እህቴ፣ እዚህ ምሳ ላይ ነኝ። ወደ ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ደግሞ ወደ አጣዬ…»

«ወደ ከተማው አይመለሱ» አልኩት። «ማሳው በእርስዎና በእኔ መሃል ነው። በአስፋልቱ ወደ እኛ በሚመጣ መኪና ይሳፈሩ፤ ከትንሿ ድልድይ አለፍ እንዳሉ ሾላው ጋ ይውረዱ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ አገኝዎታለሁ። ሥራው ሲያልቅ እዚያው አስፋልት ላይ የአጣዬ መኪና ያገኛሉ።»

«ድልድዩ ጋ?»

«አለፍ እንዳሉ። ሾላው ጋ። ነጭ ሻርፕ አድርጌያለሁ።»

ሳቀ። «እሺ በቃ። ጥብሱን በወረቀት አስጠቅልዬ እመጣለሁ።»

ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። ሾላው ሥር ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አስፋልቱ ላይ ሙቀቱ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሚኒባስ አለፈ፣ አልቆመም። ሁለተኛው ቆመና ቀጠን ያለ ወጣት የመሣሪያ ሣጥንና በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ምሳ ይዞ ወረደ።

«አንቺ ነሽ ኃላፊዋ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማሳው ላይ አባቴ ስንመጣ አይቶ ከተቀመጠበት ተነሳ። ጎረቤታችን «መጣ! ሰው ነው! እኔ መንፈስ መስሎኝ ነበር!» አሉ። ባለሙያው የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፈተ፣ በመለኪያው አንድ ሁለት ቦታ ነካ። ፓምፑ ጤነኛ ነው አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ መኖሩን ለሳጥኑ የሚናገር ቀጭን ሽቦ አለ፤ እሱ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተበልቷል። አይጥ ነው ወይም ፍልፈል። ሽቦው ስለተቆረጠ ሳጥኑ ጉድጓዱ ደርቋል ብሎ ያምናል፤ ፓምፑ በደረቁ እንዳይቃጠል ያቆመዋል።

«ውሃ እያለ የለም ይላል ማለት ነው?» አለ አባቴ።

«እንዳይቃጠል ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ መጥቶ አያይም!»

ባለሙያው ሽቦውን ቆርጦ በአዲስ መጋጠሚያ አሰረው፤ ውሃ እንዳይገባው አሸገው፤ ቀሪውን በጎማ ቱቦ ውስጥ አልፎ መሬት ውስጥ እንዲቀበር አደረገ። ጊዜ የወሰደው ቁፋሮው ነው፤ አባቴና ጎረቤታችን ተሻምተው ቆፈሩ። ከዚያ ማብሪያውን አዞረው። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ አረንጓዴው በራ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከቱቦው አየር ወጣ፤ አስነጠሰ፤ ቡናማ ውሃ ተፋ፤ ከዚያ ጠራና በሙሉ ኃይሉ ቦዩ ውስጥ ገባ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ አባቴ። ጫማውን አውልቆ ቦዩ ውስጥ ገባ። ውሃው ወደ መጀመሪያው መደብ ሲዞር፣ የተሰነጠቀው መሬት ሲጠጣ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ጎረቤታችን ዳር ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩት፤ «ምንም አይጮህም እኮ» አሉ። «እንዲህ ያለ ዝምተኛ ነገር እንዴት ይታመናል?» ወደ እኔ ዞሩ። «እንደ አንቺ ነው። አይሰማም፣ ይሠራል።»

ባለሙያው ሾላው ሥር ምሳውን በላ፤ አባቴም ጠዋት ከቤት ይዞት የወረደውን ጨመረለት። የጉብኝት ወረቀቱ ላይ «ባለቤቱ በሰዓቱ ተገኝተው ፓምፑ ተጠግኗል» የሚል ጽፎ እንዲፈርሙ ሲሰጥ አባቴ ብዕሩን ያዘና ወደ እኔ ገፋው። ፊርማዬ በእርጥብ እጄ ትንሽ ተሰራጨ። ባለሙያው ወደ አጣዬ ሲሳፈር ከመኪናው መስኮት ሆኖ «ጀውሃ ሁለት ደንበኛ ቀርተውብኛል፣ እነሱም ስልካቸው አይሠራም!» ብሎ ጮኸ።

ማታ ቤት ስገባ ጎረቤታችን ነገሩን ቀድመው ለግማሽ መንደሩ ነግረዋል። እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ወንድ ልጅ በስልክ ከምሳው አስነሳሽ አሉ?» አለች፤ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቀች። አባቴ እራት ላይ ሆኖ ሲያወራ «እሷ እኮ አለችው…» እያለ እኔ ያላልኩትን ሁሉ ጨመረበት። አላረምኩትም።

በማግስቱ አርብ ጠዋት ከአባቴ ጋር ማሳ ወረድኩ። ጫፋቸው የተቃጠለባቸው ቅጠሎች ገና ቢጫ ናቸው፤ መሃላቸው ያሉት ግን ቆመዋል። እንደ ሸምበቆ ባይሆንም ቆመዋል። ፀሐይዋ ፓነሉን ስትነካ ማብሪያውን አዞርኩ፤ ውሃውን በእግሬ እየመራሁ ሦስት መደብ አጠጣሁ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጣሁና ኔትወርክ ሲመጣ ለኩባንያው ደወልኩ።

ያቺው ሴት ነች። ፓምፑ መሠራቱን ነገርኳት። እሷ ስትመዘግብ ጠበቅኩና «አንድ ነገር ልጨምር?» አልኩ። ማክሰኞ የተቀየረው ቁጥር ባለሙያው እጅ ያለው ወረቀት ላይ እንዳልነበረ፣ ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩ እንደገና መታየት እንዳለበት፣ ጀውሃ ሁለት ገበሬዎች ትናንት እንደ እኛ ሳይገኙ እንደታለፉ፣ ምናልባት ማሳቸው ላይ ሆነው እየጠበቁ እንደነበር አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ስልካቸውን ያውቁታል?» አለች።

«አላውቅም። ግን ማሳ የማይውል ሰው ቁጥር ጠይቋቸው» አልኳት። «ሚስት፣ ልጅ፣ ማንም ይሁን። ሽንኩርት ከሆነ የተከሉት ከሐሙስ እስከ ሐሙስ አይጠብቅም።»

ስትጽፍ የቁልፎቹን ድምፅ ሰማሁ። መልሳ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት፤ አነበበች። ሁሉም ትክክል ነበር። አመሰገንኳት፤ ስልኩን ኪሴ ከትቼ አራተኛውን መደብ ለማጠጣት ወረድኩ።